ደንገጎን የሚያወጣው ሲሲው ነው፣ ፈረስ ጉልበቱ ወይስ ቶርኩ?

የከዚራው ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ቤቴ ድሬዳዋ፣ ሱቄ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ነው። ስለዚህ ሥራዬ የደንገጎን ዳገት መውጣትና መውረድ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ አምስት ሰው ሆነን ነው የምንሄደው፣ ከኋላም ዕቃ አይጠፋም።

ሁለት መኪና ላይ ቆሜያለሁ። አንዱ ቶዮታ ራሽ 1.5 ነው። ሌላው ከአውሮፓ የገባ ሂዩንዳይ ኮና 1.0 ቱርቦ ነው። ሁለቱም ማንዋል ናቸው። ወረቀታቸው ላይ ያለውን እንዳለ ልጻፈው፦

```
Rush 1.5    1496 cc   104 PS / 6000 rpm   136 Nm / 4200 rpm
Kona 1.0T    998 cc   120 PS / 6000 rpm   172 Nm / 1500-4000 rpm
```

ደላላው «1.0 ምን ይጎትታል፣ ባጃጅ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ፈረስ ጉልበቱን ብቻ እይ ይላል። ቱርቦው በሁሉም ቁጥር እየበለጠ ሞተሩ ግን ያነሰ የሆነው እንዴት ነው? የትኛውን ቁጥር ልመን?

---

ናፍጣ ብቻ

ወንድሜ፣ ምክሬ አጭር ነው። ፈረስ ጉልበት ለሽያጭ ነው፣ መኪና የሚጎትተው በቶርክ ነው። እኔ ሃይሉክስ 2.5 ናፍጣ አለኝ። ወረቀቱ ላይ 102 ፈረስ ነው የሚለው፣ ከራሽህ ያንሳል። ቶርኩ ግን 260 ነው። ድንች ጭኜ ደንገጎን ስወጣ ራሾቹን አንድ በአንድ ጥያቸው ነው የምሄደው። ፈረስ የሚቆጥር ሰው ጋሪ ይግዛ።

---

አወዳይ ተመላላሽ

አቦ ቶርክ ካላችሁ የኔ ጉድ ነው። ቪትዝ 1.3 ነው የምነዳው። ከጃፓን የመጣው ወረቀት ላይ ቶርኩ 11.8 ይላል። እናንተ 136፣ 172፣ 260 እያላችሁ ነው። 11.8 ይዤ እስከ ዛሬ አወዳይ እንዴት እንደምደርስ አላህ ነው የሚያውቀው። ሞተሩ ተቀይሮብኝ ይሆን?

---

የሐረሯ መምህርት

አወዳይ ተመላላሽ፣ ሞተርህ አልተቀየረም። የጃፓን ወረቀት ቶርክን ብዙ ጊዜ በኪሎግራም ሜትር ይጽፋል። በ9.8 አባዛው፣ ወደ 116 ኒውተን ሜትር ይመጣልሃል። ለ1.3 ቤንዚን ትክክለኛ ቁጥር ነው። ጉልበት ላይም እንዲሁ ነው። የቻይና ወረቀት ኪሎዋት ይጽፋል፣ የጃፓኑና የአውሮፓው PS ይጽፋል። 100 ኪሎዋት 136 PS ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ አምጡ፣ ከዚያ ክርክሩ ይቀጥል።

የከዚራው ልጅ፣ ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አንተ ያየኸው ከመስመሩ በስተግራ ያለውን ቁጥር ነው። የአንተን ጉዳይ የሚፈታው ግን በስተቀኝ ያለው ነው። ራሽ 136 አለኝ የሚለው በ4,200 ዙር ላይ ብቻ ነው። ኮናው 172ቱን ከ1,500 ጀምሮ እስከ 4,000 ድረስ ይዞት ይሄዳል። ሰው በየቀኑ የሚነዳው ደግሞ ከ1,500 እስከ 3,000 ባለው ዙር ነው። 6,000 ዙር ላይ ሞተሩን የሚያስጮህ ሰው ድሬ ውስጥ ብዙ አላየሁም።

ፈረስ ጉልበትና ቶርክ ተነጥለው የሚቆሙ ነገሮች አይደሉም። ቶርክ ሞተሩ የሚያጠማዝዝበት ኃይል ነው፣ ፈረስ ጉልበት ደግሞ ያ ኃይል ከዙሩ ጋር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ይቺ ሂሳብ አንዱን ከሌላው ታወጣዋለች፦

```
kW = Nm × rpm ÷ 9549
```

በ1,500 ዙር ኮናው 27 ኪሎዋት ይሰጣል፣ ወደ 37 ፈረስ ማለት ነው። ራሹ በዚያ ዙር ላይ ስንት ቶርክ እንዳለው ወረቀቱ አይናገርም። ግን እንራራለትና 136ቱን ሙሉ እንስጠው። ያኔም 29 ፈረስ ነው የሚያገኘው፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ደላላው ባጃጅ ያለው መኪና በዝቅተኛ ዙር ላይ ራሹን ይበልጠዋል ማለት ነው።

---

ናፍጣ ብቻ

ያው አላልኩም? ቶርክ!

---

የሐረሯ መምህርት

ግማሹን ብለሃል፣ ጋሼ። የቀረውን ግማሽ ራስህ ያመጣኸው መኪና ያሳያል። ሃይሉክስህ 102 ፈረስ ነው፣ ራሹ 104። ቶርካቸው 260 እና 136 ነው። ቶርክ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሃይሉክሱ የራሹን እጥፍ በጎተተ ነበር። ግን አይጎትትም።

ምክንያቱ ካምቢዮው ነው። የናፍጣው ሞተር 3,600 ዙር አካባቢ ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል። ቤንዚኑ እስከ 6,000 ይሄዳል። ብዙ የሚዞረው ሞተር በዚያው ፍጥነት ላይ ዝቅ ያለ ማርሽ ሊይዝ ይችላል። ዝቅ ያለ ማርሽ ደግሞ ቶርክን አባዝቶ ነው ጎማው ላይ የሚያደርሰው። ስለዚህ ሁለቱም እስከ ጫፍ ከተረገጡ ጎማው ላይ የሚደርሰው ኃይል ተቀራራቢ ነው። እንዲያውም ያንተ መኪና ባዶውን ከራሹ ብዙ ይከብዳል።

ታዲያ ራሾቹን ለምን ትጥላቸዋለህ? እነሱ 2,000 ዙር ላይ ሆነው ማርሽ ማውረድ ስለሚሰስቱ ነው። አንተ በ2,000 ዙር ላይ ከ70 ፈረስ በላይ አለህ። እነሱ ደግሞ ቢበዛ 39 ናቸው። ማርሽ አውርደው 4,500 ዙር ቢያስይዙት ወሬው ይለወጣል። ሞተር ሲጮህ የሚጎዳ ስለሚመስላቸው ግን አያደርጉትም።

---

ናፍጣ ብቻ

መምህርት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ሳልጮህ እወጣለሁ፣ እነሱ እየጮሁ። ሳይጮህ የሚወጣው ነው ጉልበተኛ።

---

የሐረሯ መምህርት

እሱስ እውነት ነው። ምቾቱ ያንተ ነው፣ አልወስድብህም።

---

ሲጋል ነጂ

የቶርክ ወሬ ካነሳችሁ እኔም ልግባ። ቢዋይዲ ሲጋል ነው ያለኝ፣ ኤሌክትሪክ። ወረቀቱ 55 ኪሎዋት፣ 135 ኒውተን ሜትር ይላል። 75 ፈረስ መሆኑ ነው። ከራሹ ጋር ቶርኩ በአንድ ብቻ ነው የሚለየው። ግን ደንገጎ ላይ መሪው እንጂ ዳገቱ አይሰማኝም። ማርሽ የለ፣ ጩኸት የለ። ለምን ኤሌክትሪክ አትገዛም? ቤንዚን ሰልፍስ አልሰለቸህም?

---

የከዚራው ልጅ

ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ ግን በጀቴና የምጭነው ዕቃ አይፈቅዱም። እንዲያው ግን 135 ከ136 ጋር እኩል ሆኖ እንዴት ነው የሚለየው?

---

የሐረሯ መምህርት

የኤሌክትሪኩ 135 ገና ከቆመበት ሲነሳ ጀምሮ አለ። የራሹን 136 ለማግኘት 4,200 ዙር መድረስ አለብህ። ቁጥሩ ተመሳስሎ ዙሩ ሲለያይ መኪናው ሌላ ነው የሚሆነው። ግን ፍጥነት ሲጨምር ሲጋሉ 75 ፈረስ መሆኑ ይታወቃል። ሜዳ ላይ በ110 እየሄደ ሌላ መኪና ልቅደም ቢል ራሹ ይበልጠዋል።

ሌላም አለ፣ እሱ ደግሞ ለሁላችንም ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም።

---

የከዚራው ልጅ

አየር ስትይ?

---

የሐረሯ መምህርት

ወረቀቱ ላይ ያለው ጉልበት የተለካው ባሕር ወለል አካባቢ ባለ አየር ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ጨርሰህ ወደ ሐረማያ ስትዞር 2,000 ሜትር አካባቢ ደርሰሃል። እዚያ አየሩ ይሳሳል፣ ክብደቱ ከባሕር ወለሉ 82 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያቃጥለው ያገኘውን አየር ነው። አየሩ ሲያንስ ነዳጁም ያንሳል፣ ጉልበቱም እንደዚያው። የራሹ 104 ፈረስ እዚያ ላይ 85 ገደማ ነው። 136ቱ ቶርክ ወደ 111 ይወርዳል። የቪትዙም፣ የኮሮላውም ዕጣ ይኸው ነው።

ቱርቦ ግን አየሩን ጨምቆ ነው የሚያስገባው። አየሩ ሲሳሳ የበለጠ እየዞረ ያካክሳል። ጭራሽ አይጎዳም ማለት አይደለም፣ የላይኛው ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል። 172ቱም 1,500 ላይ ሳይሆን ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። ግን የራሹን ያህል አይከስርም። ወረቀቱ ላይ በ36 ኒውተን ሜትር ነበር የሚበላለጡት። ዳገቱ አናት ላይ ልዩነቱ ወደ 60 ይጠጋል።

አሁን ያንተን ጉዞ እንቁጠረው። አምስት ሰውና ዕቃ ጭነህ 1,700 ኪሎ ሆንክ እንበል። ዳገቱ እንደየቦታው ይለያያል፣ ለሂሳብ ያህል 7 ከመቶ እንያዝ። በ60 መውጣት ፈለግህ። ክብደቱን ለማንሳት፣ ለጎማውና ለነፋሱ፣ ካምቢዮው የሚበላውም ተጨምሮ፣ ከሞተሩ ወደ 28 ኪሎዋት ያስፈልግሃል። 38 ፈረስ ነው። በቃ።

እዚህ ላይ ልብ በል። 38 ፈረስ ሁለቱም አላቸው። የአወዳዩ ቪትዝም አለው። «ዳገት አይችልም» የሚባል መኪና አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አጥቶ አይደለም። ጥያቄው 38ቱን በስንት ዙር ላይ ይሰጥሃል ነው። ኮናው ከ1,600 እስከ 1,800 ባለው ዙር ላይ ይሰጥሃል። ራሹ እዚያ ከፍታ ላይ 2,600 ወይም 2,700 ይፈልጋል። ከፍ ያለ ማርሽ ላይ 1,800 ዙር ይዘህ ብትረግጠው የሚያወጣው ቢበዛ 28 ፈረስ ነው። አሥር ፈረስ ጎደለህ። መኪናው ፍጥነቱን እየቀነሰ ያቃስታል። ማርሽ ስታወርድ ዙሩ ይወጣል፣ 38ቱም ይገኛል።

---

አወዳይ ተመላላሽ

ይኸው! እኔ ደንገጎ ላይ ኤሲ የማጠፋው ለዚህ ነው። ስታጠፊው ይሰማሻል፣ መኪናው እፎይ ይላል።

---

የሐረሯ መምህርት

አዎ፣ ኤሲው ጥቂት ኪሎዋት ይወስዳል። በ1.3 ላይ ይታወቃል። የድሬም ሙቀት ራሱ አየሩን ያሳሳዋል፣ ስለዚህ ገና ከታች ስትነሳም ሙሉ ጉልበት የለህም።

---

ደላላ አይደለሁም

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዉ ሁሉ «ስንት ሲሲ ነው» የሚለው ዝም ብሎ አይደለም። ሲሲ ከቀረጥ ጋር ነው የተያያዘው። በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ 1,300 እና 1,800 ሲሲ መስመሮች ናቸው፣ ባለፍክ ቁጥር ታክሱ ይዘላል። ለዚህ ነው 1.3 መኪና አገር የሞላው። መንግሥት በሲሲ ስለሚቀርጥ ገበያውም በሲሲ ያስባል። 1.5 ሲባል ትልቅ ይመስለዋል፣ 1.0 ሲባል ትንሽ።

አሁን የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ስለቆመ ያለው ነው የሚሸጠው። እና ጓደኛዬ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ይህን መኪና ስትሸጠው ገዢህ የመምህርቷን ሂሳብ አያነብልህም። ራሽ ሲባል ስልክህ ይጮሃል። 1.0 ሲባል «ባጃጅ» ይልሃል። እሱንም ዋጋ ውስጥ አስገባው።

---

የሳቢያን መካኒክ

ሂሳቡ ልክ ነው። ግን ሂሳቡ የሚሠራው ቱርቦው ደህና ከሆነ ነው። እኔ የማየው የሞቱትን ነው።

1.0 ቱርቦ ቱርቦው ሲደክም 998 ሲሲ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያኔ ደላላው ትክክል ነው። ደህና በሆነበትም ጊዜ ከ1,500 ዙር በታች ቱርቦው ገና አልተነሳም። ዳገት ላይ ቆመህ አምስት ሰው ጭነህ ስትነሳ ለአንድ አፍታ ትንሽ ሞተር ነው የያዝከው። ዙር ሳይሰጡ ፍሪሲዮን የሚለቁ ሰዎች ሞተር ያጠፋሉ፣ ዙር እየሰጡ በፍሪሲዮን የሚይዙት ደግሞ ፍሪሲዮኑን ይበሉታል። የገጠመኝ የፍሪሲዮን ሽታ ብዙው ከዚህ የመጣ ነው።

ቱርቦን የሚገድለው ዘይት ነው። ዘይቱ ሳይቀየር የከረመ መኪና ከሆነ ተወው። ሌላው ከዳገት በኋላ ወዲያው ማጥፋት ነው። ደንገጎን ሲጭኑት ወጥተው አናቱ ላይ ቆመው ቁልፍ የሚነቅሉ አሉ። ቱርቦው እሳት ሆኖ እያለ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፣ ዘይቱ እዚያው ያርራል። አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ይሥራና አጥፉት።

ከመግዛትህ በፊት ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር የሚሄደውን ቱቦ አስፈታ። ውስጡ ወዝ ያለ ብቻ ከሆነ ግድ የለም። ዘይት ከተኛበት ቱርቦው እያስተላለፈ ነው። ስትረግጠው ሰማያዊ ጭስ ካወጣ፣ ወይም እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ከዙሩ ጋር እየጨመረ ከመጣ፣ ዋጋ ለመቀነስ ሳይሆን ለመሄድ ተነሳ።

---

የከዚራው ልጅ

ጋሽ መካኒክ፣ እሺ ቱርቦው ደህና ነው እንበል። ራሱ ወረቀቱ ላይ ያለውን እየሰጠ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ማሽን ላይ የሚለካ ቦታ አላገኘሁም።

---

የሳቢያን መካኒክ

ደንገጎ ራሱ ማሽን ነው። ሻጩን ይዘህ ውጣ፣ ሜዳ ላይ አትሞክረው። ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው።

ሞተሩ ይሙቅ። ቀጥ ያለ ዳገት ፈልግ፣ ከኋላህ አይሱዙ አለመኖሩን እይ። ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ዙሩን 1,800 ላይ አስይዝ። ከዚያ እስከ ወለሉ ርገጠው፣ ማርሽ አትንካ። ደህና ቱርቦ ከሆነ ትንሽ አስቦ ይነሳል፣ ወንበሩ ይገፋሃል። ዙሩ 3,000 እስኪደርስ አንድ ዓይነት ግፊት ነው ያለው። ቆየት ብሎ በድንገት የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም እየመጣ የሚሰበር ከሆነ፣ አየር የሚያስተላልፍ ቱቦ አለ ወይም ቱርቦው ደክሟል።

ራሹን እዚያው ቦታ፣ እዚያው ዙር፣ እዚያው ማርሽ ሞክረው። እሱ 1,800 ላይ አይነሳልህም፣ አትደንግጥ፣ ተፈጥሮው ነው። ሁለተኛ አድርገውና 4,000 ድረስ ውሰደው። ከ3,500 በኋላ ድምፁም ጉልበቱም መለወጥ አለበት። ድምፁ ጨምሮ ጉልበቱ ካልጨመረ ካንዴላ፣ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተደፈነ ማርሚታ ነው የምጠረጥረው። ሁለቱንም ስትሞክር ያንኑ ሰው ቁጥር ይዘህ ሂድ። ብቻህን ሆነህ የሞከርከው መኪና አምስት ሰው ሲጫንበት ሌላ ነው።

---

የሐረሯ መምህርት

በዚህ ሙከራ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ሦስተኛ ማርሽ በሁለቱ መኪና ላይ እኩል አይደለም። ኮናው ስድስት ማርሽ ነው፣ ራሹ አምስት። ስለዚህ ዙሩን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱንም ጻፈው። ከ40 እስከ 60 ለመድረስ ስንት ሰከንድ ፈጀ የሚለውን ሌላ ሰው በስልክ ይያዝልህ። ሾፌሩ ራሱ ስልክ እንዳይነካ።

---

ናፍጣ ብቻ

ይህ ሁሉ ሙከራ ከሚሆን ያገለገለ ሃይሉክስ ፈልግ ብዬሃለሁ። ናፍጣውም ቱርቦ ነው፣ ግን ስንት ዓመት ነው የሚኖረው።

---

የሳቢያን መካኒክ

ናፍጣውም ይሞታል ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ያንተውን መርፌዎች መቼ ነው ያስፈተሽካቸው?

---

የከዚራው ልጅ

ኮናውን ቅዳሜ ይዤው ልወጣ ተስማምተናል፣ ሻጩ ግን «ለምን ደንገጎ፣ ሳቢያን አይበቃም?» እያለኝ ነው። አራት ሰው ይዤ ነው የምሄደው። ራሹን ደግሞ እሑድ።

ኮናው ፈተናውን ካለፈ እሱን ነው የምወስደው መሰለኝ። የሚያሳስበኝ የቀረው የቱርቦ ዕቃ ነው። ቱርቦው ቢበላሽ ድሬ ውስጥ የሚያድስ ሰው አለ ወይስ አዲስ አበባ መላክ ነው?

---

የሳቢያን መካኒክ

የናፍጣውን የሚያድሱ አውቃለሁ። የዚህን ትንሿን ቤንዚን ቱርቦ ግን እኔ እስካሁን ሙሉውን ቀይሬ እንጂ አሳድሼ አላውቅም። ያሠራችሁ ካላችሁ ጻፉልን።

---

ሲጋል ነጂ

ኤሌክትሪክ ቱርቦ የለውም።

---

አወዳይ ተመላላሽ

ባትሪ ግን አለው። እሱን ማን ያድሳል?